የመብራት ሂሳብ ሲዘል፦ ስክሪንሾት፣ ንባብ እና አቤቱታ

የመብራት ሂሳብ በአንድ ወር ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚጽፈው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። የቴሌብሩን ገጽ ስክሪንሾት ያነሳል፣ ያለፉትን አምስት ወራት ክፍያ ከታሪኩ ፈልጎ ያወጣል፣ ሁሉንም ያትምና «ይህን ያህል አልተጠቀምንም፣ ይታይልን» ብሎ ያስገባል። ደብዳቤው ላይ ስድስት ምስል አለ፤ በስድስቱም ላይ የሚታየው ብር ነው። መልሱም የታወቀ ነው፦ «ሲስተሙ ያወጣው ነው»።

መልሱ ያናድዳል እንጂ ውሸት አይደለም። ጠረጴዛው ማዶ ያለው ሠራተኛ ብሩን አልወሰነም፣ ሊቀይረውም አይችልም። ብሩ የሚወጣው ከሁለት ነገር ነው፤ ከቆጣሪው ንባብና ከታሪፉ። ታሪፉ ከሠራተኛው አቅም በላይ ነው። ንባቡ ግን በሰው የተነበበ፣ በሰው የተመዘገበ ቁጥር ስለሆነ ስህተት ከተገኘበት እዚያው የሚታረምበት አሠራር አለ። ስለዚህ አቤቱታው ንባብ ላይ ካልቆመ ሠራተኛው ሊረዳችሁ ቢፈልግ እንኳ የሚይዘው ነገር የለውም።

በብር ማነጻጸር ሌላም ጣጣ አለው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እያደገ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተደርጓል። የመስከረምን ብር ከመጋቢት ብር ጎን ስታስቀምጡ የቤቱን አጠቃቀምና የታሪፉን ጭማሪ አንድ ላይ እያያችሁ ነው። በዚያ ላይ ታሪፉ የእርከን ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ቤት የአንዷን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ ባለ ሂሳብ ይከፍላል። ፍጆታው እጥፍ ሲሆን ብሩ ከእጥፍ በላይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ያልተከፈለ የቀድሞ ዕዳም አብሮ ተደምሮ ሊመጣ ይችላል። ቴሌብሩ ላይ የሚታየው ድምሩ ብቻ ስለሆነ እነዚህን ሁሉ አይለይላችሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ምስል የክፍያው ሳይሆን የቢሉ ነው። ዝርዝሩ ያለበት ቢል ላይ አራት ነገር ፈልጉ፦ የቆጣሪ ቁጥር፣ የቀድሞ ንባብ፣ የአሁን ንባብ፣ እና ንባቦቹ የተወሰዱባቸው ቀናት። የአሁኑ ንባብ ከቀድሞው ሲቀነስ የወሩ ፍጆታ ይሆናል። በእጃችሁ ያለው የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ከሆነ የአገልግሎት ማዕከሉ ያለፉትን ስድስት ወራት የንባብ ዝርዝር አትሞ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ከአቤቱታው በፊት መቅደም አለበት፤ ያለ ንባብ የተጻፈ ደብዳቤ ጭፍን ነው።

ቀኑን ችላ አትበሉት። አንዱ ቢል የ27 ቀን፣ ሌላው የ36 ቀን ሊሆን ይችላል። በተለይ የመስከረም ቢል ሲመጣ ጳጉሜን የት እንደገባች እዩ፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ተጨምሮበት «ዘለለ» የሚባል ቢል አለ። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፍጆታውን በቀናቱ ቁጥር ማካፈልና የቀን አማካዩን ማነጻጸር ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተሠሩ ናቸው፣ አካሄዳቸው ግን በብዙ ቤት የሚታየው ነው። የአንድ ቤት ንባብ በየወሩ በ30ኛው ቀን የተያዘ እንበል። ጥቅምት 30 ቆጣሪው 14,212 ላይ ነበር። ኅዳር 30 14,378 ሆነ፤ ፍጆታው 166 ነው። ታኅሣሥ 30 14,538፣ ፍጆታው 160። ጥር 30 14,638፣ ፍጆታው 100። የካቲት 30 14,738፣ አሁንም 100። ከዚያ መጋቢት 30 15,058 ይልና የወሩ ፍጆታ 320 ሆኖ ይመጣል።

ባለቤቱ የሚያየው የመጨረሻውን ነው። ከ100 ወደ 320! ቆጣሪው ተበላሽቷል፣ ወይም አንድ ሰው መስመር ስቧል ብሎ ይደመድማል። ወደ ኋላ ተመልሶ ጥርንና የካቲትን ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ልጅ የሚያሳድግ፣ እንጀራ የሚጋግር ቤት ሁለት ወር ተከታትሎ ልክ 100፣ አንድ እንኳ ሳይዛነፍ፣ አይጠቀምም። ድፍን ቁጥር ሲደጋገም ቆጣሪው አልተነበበም ማለት ነው፤ ግቢው ተቆልፎ ነበር፣ ወይም አንባቢው አልመጣም፣ እና ግምት ተሞልቷል። መጋቢት ላይ የመጣው ሰው እውነተኛውን ቁጥር ሲያነብ በሁለቱ ወራት የተዘለለው ሁሉ በአንድ ወር ላይ ወደቀ።

ይህን ማረጋገጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መጨረሻ በትክክል ከተነበበው ከታኅሣሥ 30 እስከ መጋቢት 30 ያለውን በሙሉ ውሰዱ፦ 15,058 ሲቀነስ 14,538፣ 520 ይሆናል። ለ90 ቀን ሲካፈል በቀን 5.8 ገደማ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ በቀን 5.4 ነበር። ቤቱ አጠቃቀሙን አልቀየረም ማለት ይቻላል። ቆጣሪውም ጤነኛ ነው፤ የሰረቀም የለም።

ታዲያ አቤቱታ የለም? አለ፣ ግን ሌላ ነው። 520ው በሦስት ወር ቢከፋፈል በወር 173 ገደማ ነው። ድርጅቱ ግን 100፣ 100 እና 320 ብሎ አስከፈለ። 147 ያህሉ ኪሎዋት ሰዓት ጥርና የካቲት ላይ መቆጠር ሲገባው መጋቢት ላይ ተቆልሎ ከፍ ባለው እርከን ታሰበ። በመካከሉ ታሪፍ ከተጨመረ ደግሞ የቀድሞ ወራት ፍጆታ በአዲሱ ዋጋ ተከፈለ። ከዚህ ቀደም በቢላችሁ ላይ ያልነበረ የተጨማሪ እሴት ታክስ መስመር በዚያ ወር ብቅ ካለም አያይዛችሁ ጥቀሱት። ጥያቄው «ይሰረዝልኝ» ሳይሆን «በሦስቱ ወራት ተከፋፍሎ እንደገና ይታሰብልኝ» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያልተወደደ እውነት ልናገር፤ እንዲህ ሲታረም የሚመለሰው ብር የተጠበቀውን ያህል አይሆንም። ጥርና የካቲት ላይ በእርግጥ ያነሰ ተከፍሏልና የሁለቱ ወራት ሂሳብ ወደ ላይ ይወጣል። የምታተርፉት የእርከኑንና የታሪፉን ልዩነት ነው። ግን ይህ ጥያቄ የሚያሸንፍ ነው። «320 አልተጠቀምንም» የሚለው ግን ቆጣሪው ፊት እንደቆሙ ይሸነፋል፣ ምክንያቱም ቆጣሪው በትክክል 15,058ን አልፎ ሄዷል።

ሁለተኛው ዓይነት ስህተት በሌላ መንገድ ይያዛል። የሚቀጥለው ወር ንባብ 15,238 መሆን ሲገባው በ15,823 ተመዘገበ እንበል፤ አኃዞቹ ቦታ ተለዋወጡ። እውነተኛው ፍጆታ 180 ነው፣ ቢሉ ግን 765 ይላል። ባለቤቱ ከአራት ቀን በኋላ ቆጣሪውን ሲያየው 15,262 ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድም፣ ስለዚህ ያልደረሰበት ቁጥር ላይ ሂሳብ ሊታሰብ አይችልም። አማካይ፣ ንጽጽር፣ ክርክር ሳያስፈልግ በአንድ ፎቶ ያልቃል።

ይህ ማስረጃ ግን ጊዜው ያልፋል። በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ያን የ585 ልዩነት በ98 ቀን ገደማ ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ ቆጣሪው 15,823ን ያልፍና ፎቶው ምንም አያሳይም። ሦስት ወር ሙሉ ሲመላለሱ ቆይተው በመጨረሻ «ይኸው ቆጣሪዎ ደርሶበታል» የሚባሉ ሰዎች ችግር ይህ ነው። ቢሉ በደረሰ ቀን፣ ገና ከመናደድ በፊት፣ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ።

ፎቶ አነሳሱም የራሱ ወጥመድ አለው። በአሮጌው ባለ ዲስክ ቆጣሪ ላይ የመጨረሻዋ አኃዝ ብዙ ጊዜ ቀይ ናት ወይም በቀይ ተከባለች። እሷ ሙሉ ኪሎዋት ሰዓት ሳትሆን አሥረኛ ናት፤ ከንባቡ ጋር አብራ ከተቆጠረች ቁጥሩ አሥር እጥፍ ይሆናል። በዲጂታሉ ላይ ደግሞ ማሳያው በየጥቂት ሰከንዱ ይቀያየራል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቮልቴጅ፣ ልዩ ልዩ መዝገቦች ያልፋሉ። የሚፈለገው ጠቅላላ ፍጆታው ሲሆን በብዙ ቆጣሪዎች ላይ 1.8.0 የሚል ምልክት ከጎኑ፣ kWh ደግሞ ከቁጥሩ አጠገብ ይታያል። ሌላውን መዝገብ ፎቶ አንስቶ «ቆጣሪዬ እኮ 212 ነው የሚለው» ማለት አቤቱታውን ያበላሻል። ሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ቢነሳ ይሻላል፤ ሁሉም ያልፋል፣ የሚፈለገውንም ቆሞ መምረጥ ይቻላል። በተለይ አሜሪካ ወይም ገልፍ ሆናችሁ የወላጆቻችሁን ሂሳብ የምትከፍሉ ከሆነ «ፎቶ ላኪልኝ» ከማለት «ሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጪልኝ፣ የቆጣሪው ቁጥር ከሚታይበት ጀምረሽ» ማለት ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

የቆጣሪው ቁጥር ያልኩት በምክንያት ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ቆጣሪዎች በአንድ ሳጥን ተደርድረው ስለሚቆሙ የአንዱ ንባብ በሌላው ስም ሊገባ ይችላል። ቆጣሪው ፊት ላይ የተጻፈው ቁጥርና ቢሉ ላይ ያለው አንድ መሆናቸውን አንድ በአንድ አስተያዩ። አንድ ቢሆኑም ሽቦው ሊሻገር ይችላል፤ ስለዚህ የቤታችሁን ዋና ብሬከር አጥፍታችሁ የትኛው ቆጣሪ እንደቆመ እዩ። የቆመው የጎረቤት ከሆነ ስትከፍሉ የኖራችሁት የሌላ ሰው ሂሳብ ነው።

ያው ሙከራ ሌላም ነገር ይናገራል። ብሬከሩ ጠፍቶ የራሳችሁ ቆጣሪ መብራት ብልጭ ማለቱን ካላቆመ፣ ወይም ዲስኩ መዞሩን ከቀጠለ፣ ከቆጣሪው በኋላ ከብሬከራችሁ በፊት የተሳበ መስመር አለ፣ ካልሆነም ቆጣሪው ራሱ ያለ ጭነት ይቆጥራል። ሽቦውን ራሳችሁ አትንኩት፣ የቆጣሪውን ማኅተምም አትክፈቱ። የተሰበረ ማኅተም አቤቱታችሁን ወደ ክስ ይለውጠዋል።

ቆጣሪው ያፋጥናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ በማንቆርቆሪያ መለካት ይቻላል። ዲጂታሉ ፊት ላይ 1000 imp/kWh የሚል ጽሑፍ ካለ መብራቷ 1,000 ጊዜ ስትበራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው (1600 እና 3200 የሚሉም አሉ)። ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነቅላችሁ 2,000 ዋት የሚል የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ብቻ አብሩና ለሦስት ደቂቃ ብልጭታውን ቁጠሩ። 2 ኪሎዋት ለሦስት ደቂቃ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 100 ብልጭታ ይጠበቃል። ውሃው ከአንድ ሊትር ተኩል አይነስ፣ አለዚያ ፈልቶ ከመሐል ይጠፋል። ከ100 በታች ቢመጣ አትገረሙ፤ ለ220 ቮልት የተሠራ ማንቆርቆሪያ መስመሩ 200 ቮልት ላይ ከወረደ 83 ገደማ ብቻ ያስቆጥራል። ከ100 ጥቂት ቢበልጥም የማንቆርቆሪያው ዋት ልክ ስላይደለ ነው። 130 እና 140 ከደጋገመ ግን ደብዳቤው ላይ የሚጻፍ ነገር አግኝታችኋል። ይህ ልኬት ቆጣሪውን አያስፈርድበትም፤ ድርጅቱ በራሱ መሣሪያ መጥቶ እንዲፈትሽ ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ይሆናል።

እነዚህን ሁሉ አድርጋችሁ ምንም ካልተገኘ የቀረው ቤቱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይስባል፤ ለሽያጭ የሚጋግር ተከራይ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ገብቶ ከሆነ ቆጣሪው ልክ ነው። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ቀንና ሌሊት የሚሠራ የውሃ ማሞቂያም እንዲሁ። ይህን ራሳችሁ ቀድማችሁ ብታገኙት ከማፈር ትድናላችሁ።

አሁን ወደ ስክሪንሾቱ። ዋናው ስህተት መቁረጥ ነው። ሰው ንጹህ እንዲሆን ብሎ ከላይ ያለውን የስልኩን ሰዓት፣ ከታች ያለውን የግብይት ቁጥር ቆርጦ መሐሉን ያስቀራል። ሲቆረጥ ምስሉ የማን፣ የመቼ መሆኑ ይጠፋል። ሙሉውን ተዉት። ገጹ በአንድ ስክሪን ካልገባ ሁለት አድርጉት፣ ግን የመጀመሪያው የመጨረሻ መስመር በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ እንዲደገም፤ ያለዚያ በመካከል የተደበቀ መስመር ያለ ይመስላል። ቀይ ክብ ማድረግ ከፈለጋችሁ በቅጂው ላይ አድርጉ እንጂ ዋናውን አትንኩት። መሸፈን የሚገባው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የቴሌብር ቀሪ ሂሳባችሁና ከዚህ ጉዳይ ጋር የማይገናኙ ዝውውሮች።

ቀኑም ያምታታል። ቢሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ ስልኩ በፈረንጅ ሊሆን ይችላል። መጋቢት 30 ቀን 2017 የተነሳ ምስል ስልኩ ላይ ኤፕሪል 8፣ 2025 ይላል፤ 20:40 ያለው ሰዓት ደግሞ እኛ ማታ 2:40 የምንለው ነው። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር ሁለቱንም ጻፉ። ሠራተኛው ራሱ እንዲያሰላ አትተዉት፣ አያሰላም። ምስሎቹን በቴሌግራም ስትለዋወጡ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ትንንሾቹ አኃዞች ይደበዝዛሉ። 3 እና 8 የማይለዩበት ማስረጃ ለማንም አይጠቅምም።

ሲታተም በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ከሁለት ምስል አይብለጥ። እያንዳንዱ «አባሪ 1»፣ «አባሪ 2» እየተባለ ይጻፍበት፣ ደብዳቤውም ውስጥ በዚያው ቁጥር ይጠራ። በጥቁርና ነጭ ከታተመ ቀዩ ክብ ግራጫ ይሆናልና ቀስት ይሻላል። ስድስት ወር ይበቃል፤ የሁለት ዓመት ክምር ይዞ መሄድ ደብዳቤውን የሚያስነብብ እየመሰለ ሳይነበብ የሚያስቀር ነው።

ደብዳቤው ራሱ ከአንድ ገጽ ማለፍ የለበትም። ለመጀመሪያው ምሳሌያችን ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

> ቀን፦ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለ፦ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት … የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል
>
> ጉዳዩ፦ በግምት ከተያዘ ንባብ በኋላ በአንድ ወር የተደመረ ፍጆታ ተከፋፍሎ እንዲታሰብ ስለመጠየቅ
>
> የደንበኛ ቁጥር … የቆጣሪ ቁጥር … በሆነው የመኖሪያ ቤት ውል ደንበኛ ነኝ። የመጋቢት ወር 2017 ፍጆታዬ 320 ኪሎዋት ሰዓት ተብሎ ሂሳብ ተጠይቄአለሁ (አባሪ 1)።
>
> የጥርና የየካቲት ወራት ፍጆታ እያንዳንዱ ልክ 100 ተብሎ ተመዝግቧል (አባሪ 2 እና 3)። በኅዳርና በታኅሣሥ የነበረው 166 እና 160 ነው (አባሪ 4 እና 5)። የሁለቱ ወራት ንባብ በግምት የተያዘ ስለመሆኑ ከመዝገባችሁ እንዲረጋገጥልኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከታኅሣሥ 30 እስከ መጋቢት 30 ቀን 2017 ያለው ጠቅላላ ፍጆታ ከ14,538 እስከ 15,058፣ ማለትም በ90 ቀን 520 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ቆጣሪው 15,093 ላይ ነበር (አባሪ 6)። በጠቅላላው ፍጆታ ላይ ተቃውሞ የለኝም።
>
> ስለዚህ 520 ኪሎዋት ሰዓቱ ለሦስቱ ወራት 173፣ 173 እና 174 ሆኖ ተከፋፍሎ፣ በየወሩ በነበረው ታሪፍና እርከን እንዲታሰብልኝ፣ ልዩነቱም በሚቀጥለው ሂሳብ ላይ እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ። ጉዳዩ እስኪታይ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥብኝ አመለክታለሁ።
>
> ከሠላምታ ጋር፣ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ
>
> አባሪ፦ 6 ምስሎች በ3 ገጽ

«በጠቅላላው ፍጆታ ላይ ተቃውሞ የለኝም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ማውጣት ይፈልጋል፣ የተሸነፈ ስለሚመስለው። አታውጧት። አንባቢው «ደግሞ አልተጠቀምኩም ባይ መጣ» ብሎ ደብዳቤውን ከክምሩ ጋር እንዳያስቀምጠው የምታደርገው እሷ ናት። የብር ስሌትም አልገባበትም፤ ሆን ተብሎ ነው። ኪሎዋት ሰዓቱን እናንተ ስጡ፣ ብሩን እነሱ ያስሉ። የራሳችሁ የብር ስሌት በአምስት ብር ቢሳሳት ክርክሩ ወደዚያች አምስት ብር ይዞራል። የሚያስቆጡ ቃላትም፣ «ዘረፋ»፣ «ማጭበርበር» የሚሉት፣ ቦታ የላቸውም፤ ቁጥሩ ብቻውን በቂ ነው።

አኃዝ ለተዛባበት ለሁለተኛው ጉዳይ ደብዳቤው ከዚህም ያጥራል፦ «ሚያዝያ 30 ቀን 15,823 ተብሎ ተነቧል። ግንቦት 4 ቀን ቆጣሪው 15,262 ላይ ነው። ሠራተኛ ተልኮ በቦታው እንዲያነብና ንባቡ እንዲታረም እጠይቃለሁ።» ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ፎቶ።

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ በሌላው ላይ ገቢ የተደረገበት ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ። «ተወው፣ እናየዋለን» ተብሎ በእጅ የተወሰደ ደብዳቤ እንዳልገባ ይቆጠራል። በ905 ደውሎ ማስመዝገብም ይቻላል፣ ግን ደብዳቤውን አይተካም፤ ምስሎቹን በስልክ ማሳየት አይቻልምና።

ሂሳቡን ልክፈል ወይስ ልተው የሚለው ከባድ ነው። ካልተከፈለ መስመሩ ሊቆረጥ ይችላል፣ መቀጠያውም ሌላ ጣጣ ነው። አቤቱታው እስኪታይ መቆያ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ መክፈሉ ይሻላል፤ ደብዳቤው ላይ «ተቃውሞዬን እንደያዝኩ የከፈልኩ» የሚል መስመር ጨምሩና የክፍያውን ስክሪንሾት ሰባተኛ አባሪ አድርጉት። የክፍያው ገጽ በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

መልስ ሲዘገይ ያንኑ ደብዳቤ በአዲስ ቃል አትጻፉት። የመጀመሪያውን ገቢ ቁጥር ጠቅሳችሁ ለዲስትሪክቱ አስገቡ፣ ግልባጭ ለማዕከሉ። ከዚያ በላይ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ፤ የአስተዳደር በደልን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። ሁለቱም ጋ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለድርጅቱ አመልክተው ምን ተባሉ?» የሚል መሆኑ አይቀርም። ማኅተም ያረፈባት ያቺ ቅጂ የምትፈለገው ያኔ ነው።

«ታርሟል» ስትባሉም ቢሉን ጠብቁ። ብሩ ተቀንሶ ንባቡ ሳይታረም የሚቀርበት ጊዜ አለ። በሁለተኛው ምሳሌያችን የሚቀጥለው ቢል «የቀድሞ ንባብ» 15,238 ማለት አለበት። 15,823 ካለ ስህተቱ መዝገቡ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ ከዚያ በታች ስለሆነ የሚቀጥለው ወር ፍጆታ ወይ ዜሮ ወይ ግምት ሆኖ ይመጣል። ያን መስመር ስክሪንሾት አንሱና በዚያው ቀን ያንኑ ገቢ ቁጥር ይዛችሁ ተመለሱ።